ጾመኛው አባቴና ሁለተኛዋ ኪኒን

ሽሮ ውስጥ ኮሌስትሮል የለም። ምስር ውስጥም፣ ጎመን ውስጥም፣ በያይነቱ ላይ ተደርድረው ከሚቀርቡት ከየትኞቹም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ኮሌስትሮል የእንስሳ ነገር ነው። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ሳይቀምስ የከረመ ሰው በአፉ በኩል ያስገባው ኮሌስትሮል ከዜሮ አይርቅም። ሐዋሳ ላይ በጾም ዓሣ የሚበላ አይጠፋም፤ አባዬ ግን እሱንም አይነካም።

ስለዚህ ሐኪሙ ኢዜቲማይብ የሚባል ሁለተኛ መድኃኒት ሲያዝለትና እኔም "አንጀት ኮሌስትሮል እንዳይመጥ የሚያግድ ነው" ብዬ ሳስረዳው፣ አባዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"እኔ የማልበላውን ምኑን ነው የሚያግደው?"

ዲላ ውስጥ በፋርማሲስትነት ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ መድኃኒት ከተጠየቅኩት ሁሉ ይሄኛው የተሻለው ጥያቄ ነው። መልሱን ከልቡ ያልገባው ሰው መድኃኒቱን ወይ ያቆመዋል፣ ወይ ያለቦታው ይወስደዋል። በእኛ ቤት የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው መሪ ላይ ነው። ለዓመታት ከሐዋሳ አዲስ አበባ አውቶቡስ ነድቷል፤ ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ እዚያው መናኸሪያ ስምሪት ላይ ተቀመጠ። ቤታችንም መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የረዳቶቹ "አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!" ሲል እንቅልፍ አይኖርም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በ62 ዓመቱ፣ ልቡን ከሚመግቡት የደም ሥሮች አንዱ ተዘጋ። እግዜር ይመስገን ተረፈ።

ያን ጊዜ በተወሰደው ደም ኤል ዲ ኤል የሚባለው 168 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ኮሌስትሮል ቅባት ነው፤ ከደም ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚጓዘው ተሳፍሮ ነው። ኤል ዲ ኤል ከማጓጓዣዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ሲበዛ ወደ ደም ሥር ግድግዳ እየገባ የሚከማቸውና ዓመታት ቆይቶ መንገዱን የሚዘጋው እሱ ነው።

ሐኪሙ የመጀመሪያ እርምጃው ስታቲን ነበር። አቶርቫስታቲን የሚባለውን በከፍተኛው መጠን፣ ማለትም በቀን 80 ሚሊግራም ጀመረለት። በሦስተኛው ሳምንት አባዬ ጭኑንና ባቱን ያመው ጀመር፤ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይደግፋል። የጡንቻ ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራ ደህና ቢሆንም ሕመሙ ግን አለ። መጠኑ ወደ 40 ሲወርድ ሕመሙ ጠፋ። ጥር ላይ ደሙ ሲለካ ኤል ዲ ኤሉ 87 ሆኗል።

ከ168 ወደ 87 ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እማዬ ውጤቱን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሐኪሙ ግን ልቡ አንዴ ለተጎዳ ሰው ይሄ አይበቃም አለ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ላለ ሰው የሚፈለገው ከ55 በታች ነው። የአሜሪካኖቹ የ2018 መመሪያ ደግሞ ሰውየው የሚችለውን ያህል ስታቲን እየወሰደ ኤል ዲ ኤሉ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢዜቲማይብ ይታሰብ ይላል። "የሚችለውን ያህል" የምትለዋን ልብ በሉ። ለአንዱ 80 ነው፤ ለአባዬ 40 ነው። ኢዜቲማይብ የሚመጣው ይህ ጣሪያ ከታወቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰውየው ስታቲኑን በትክክል እየዋጠ መሆኑ ይጣራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቆም ደም ይለካል።

"ታዲያ ትንሽ ታግሦ 80ውን ቢውጥስ?" አለች እማዬ። ሁለት መድኃኒት ከመግዛት አንዱን ማብዛት ይሻላል የሚል የጓዳ ሒሳብ ነው፤ ስህተትም አይመስልም። የስታቲን ጠባይ ግን እንዲህ አይደለም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው መጠን ነው። ከዚያ በኋላ መጠኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨምረው ቅነሳ ከመነሻው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአባዬ መነሻ 168 ስለነበር 6 በመቶው 10 ነው። ሕመሙን ችሎ 80 ቢውጥ ከ87 ወደ 77 ቢወርድ ነው። ኢዜቲማይብ ግን በስታቲን ላይ ሲጨመር ከቀረው ላይ ሩብ የሚጠጋ ያነሳል፤ ከ87 ላይ 20 ያህል ማለት ነው። መጠኑም አንድ ብቻ ነው፤ 10 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ በፈለጉት ሰዓት፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም።

አሁን ወደ አባዬ ጥያቄ ልመለስ። የማይበላውን ምኑን ያግደዋል?

በግ ሲታረድ አይታችሁ ከሆነ፣ ጉበቱ ሲወጣ ባለቢላው ሐሞቱ እንዳይፈርጥ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ታውቃላችሁ። አረንጓዴ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ከረጢት ናት። የእኛም ጉበት ሥር እንዲሁ ተንጠልጥላለች። ምግብ ስንበላ፣ የጾምም ይሁን የፍስክ፣ ቅባቱ እንዲሟሟ ሐሞት ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሐሞት ራሱ በኮሌስትሮል የተሞላ መሆኑን ነው። ጉበት በዚህ መንገድ በየቀኑ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል አንጀት ውስጥ ይጥላል። ሥጋና ዕንቁላል የሚያዘወትር ሰው ከምግቡ የሚያገኘው ግን በቀን 300 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንጀት ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ከትሪው ሳይሆን ከራስ ጉበት የመጣ ነው ማለት ነው።

አንጀት ደግሞ ቆጣቢ ነው። ከዚህ ሁሉ ግማሽ ያህሉን መልሶ ይመጠዋል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ጣት በሚመስሉ ጥቃቅን እጥፋቶች የተሸፈነ ሲሆን፣ እጥፋቶቹን የሸፈኑት ሕዋሳት ላይ ኤን ፒ ሲ ዋን ኤል ዋን የተባለ ፕሮቲን አለ። ስሙ ያስፈራል፤ ሥራው ግን የበረኛ ነው። ኮሌስትሮሉን ይዞ ወደ ሕዋሱ ያስገባዋል። ከዚያ ተጭኖ ወደ ጉበት ይመለሳል። ኢዜቲማይብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በረኛው ላይ ተጣብቆ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ያልገባው ኮሌስትሮል ከሰገራ ጋር ይወጣል። በ2002 በታተመ፣ በ18 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንጀት ከሚያገኘው ኮሌስትሮል የሚመጠው ከ50 በመቶ ወደ 23 በመቶ ወርዷል።

የሚገርመው፣ መድኃኒቱ ከበረኛው በፊት ነው የተገኘው። ሼሪንግ ፕላው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሌላ ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ሲፈልጉ፣ ያንን ኢንዛይም እምብዛም ሳይነካ የእንስሳቱን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ንጥረ ነገር አገኙ። ከዚያ የተወለደው ኢዜቲማይብ በ2002 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የሚዘጋው በረኛ ማን እንደሆነ የታወቀው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2004 ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች መሥራቱን እንጂ የትኛው በር ላይ እንደሚሠራ ሳያውቁ ያዝዙት ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባዬ የነገርኩት ግን ጥር ላይ አይደለም። ጥር ላይ ስልክ ላይ በሁለት ደቂቃ ካስረዳሁት በኋላ መድኃኒቱን ፍለጋ ተገባ። ሰፈር ካሉት ፋርማሲዎች አጣነው። በመጨረሻ የአባዬ የድሮ ባልደረባ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በሹፌር ላከው። መናኸሪያ ደርሶ አባዬ እጅ ሲገባ በትንሽ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ነበር። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ "በቀን 1" ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ዋጋው ከስታቲኑ ብዙ እጥፍ ነው።

ሁዳዴ ገባ። ስድስት ሳምንት ሲሞላ መጋቢት ላይ ደም ተሰጠ። ውጤቱን ወንድሜ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ኤል ዲ ኤል 137 ይላል።

ከ87 ወደ 137! ያውም በጾም፣ ያውም በሁለት መድኃኒት! ቤት ውስጥ የተባለውን መገመት አያቅታችሁም። አንዱ መድኃኒቱ የተጭበረበረ ነው አለ። ሌላው ላቦራቶሪው ተሳስቷል አለ። እማዬ ዘይቱን ጠረጠረች። አባዬ ራሱ "ድሮም አልኩ እኮ፤ የማልበላውን ሊያግድልኝ ነው?" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እኔ ቁጥሩን ከ87 ጋር ማወዳደሩን ተውኩና ከመነሻው ከ168 ጋር አስተያየሁት። ከ168 ወደ 137 ሲወርድ የቀነሰው 18 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ኢዜቲማይብ ብቻውን ሲወሰድ የሚቀንሰው በአማካይ 18 በመቶ ነው። ከሰው ሰው ይለያያል፤ የጾም ምግብም የራሱ ድርሻ ስለሚኖረው አንድ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። ግን ጥሩ ጥቆማ ነው። የተጭበረበረ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ፣ ስታቲኑ እየሠራ እስካለ ድረስ ውጤቱ 87 አካባቢ መቆየት ነበረበት። 137 የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ አዲሱ እየሠራ ነው፣ የጠፋው የድሮው ነው።

ቅዳሜ ከዲላ መኪና ተሳፍሬ ሐዋሳ ገባሁ። ቤት ስደርስ አባዬ ስምሪት ላይ ነው። የመድኃኒት ማስቀመጫውን፣ ያቺን የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ፣ እማዬ አመጣችልኝ። የአቶርቫስታቲኑ እሽግ ጥር ላይ እንደተገዛ ነው፤ የተበጣው ሦስት ፍሬ ብቻ ነው። የኢዜቲማይቡ ግን አልቆ ሁለተኛው ተጀምሯል።

መናኸሪያ ሄጄ አገኘሁት። እሱም አልደበቀኝም።

"ውዱ ካለ ርካሹ ለምን ይዋጣል? አዲሱ መጣ ብዬ የድሮውን ተውኩት። እግሬንም ያመኝ እሱ አልነበር?"

በአባዬ መፍረድ አልቻልኩም። የመኪና ዕቃ እንደዚያ ነው፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ወረቀት ከረጢቱ ላይም "ከድሮው ጋር" የሚል ቃል አልነበረም። ዋጋውም አሳሳተው። ውድ የሆነ ሁሉ ብርቱ ይመስለናል፤ እዚህ ላይ ግን ርካሹ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ሲያወርድ ውዱ ብቻውን አምስተኛውን እንኳ አይሞላም።

"አባዬ፣ እስቲ እንደ ስምሪት ሠራተኛ አስበው" አልኩት። "ጉበት ጋራዥ ነው እንበል። መኪና ይሠራል፣ ያስወጣል። በኋላ በር ደግሞ ያስወጣቸው ተመልሰው ይገባሉ። የኋላው በር አንጀት ነው። ስታቲን አዲስ መኪና እንዳይሠራ ያደርጋል። ኢዜቲማይብ ደግሞ የኋላውን በር ይዘጋል።"

"እሺ።"

"ጋራዡ መኪና ሲያጥረው ምን ያደርጋል?"

ብዙም አላሰበም። "መንገድ ላይ ያለውን ይጠራላ!"

ልክ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል ሲያጥረው ገጹ ላይ ያሉትን መያዣዎች ያበዛና ኤል ዲ ኤሉን ከደም ውስጥ እየያዘ ወደ ውስጥ ይስባል። መንገዱ የሚጸዳው ለዚህ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ደሙን በቀጥታ አይነኩትም፤ ጉበቱን አስርበው ከደሙ እንዲወስድ ያስገድዱታል።

"ግን ከመጥራት ሌላ አማራጭም አለው" አልኩት። "የኋላው በር ብቻ ተዘግቶ መሥሪያው ክፍት ከሆነስ?"

አባዬ ሳቀ። "አዲስ ይሠራል።"

በዚያው በ18ቱ ሰዎች ጥናት ላይ የታየውም ይኸው ነው። አንጀታቸው ሲዘጋ ሰውነታቸው የሚሠራው ኮሌስትሮል ወደ እጥፍ ተጠጋ። በሩ ተዘግቶም ኤል ዲ ኤል በ18 በመቶ ብቻ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ስታቲን ብቻውን ሲወሰድ አንጀት የበለጠ መምጠጥ ይጀምራል። አንዱ ሲዘጋ ሰውነት በሌላው ያካክሳል። ሁለቱ አብረው ሲዘጉ ግን ማካካሻው ይጠብበትና መንገድ ላይ ያለውን ከመጥራት ሌላ ብዙ ምርጫ አይቀረውም። ሁለተኛዋ ኪኒን የምትጨመረው በመጀመሪያዋ ላይ እንጂ በቦታዋ የማትተካው ለዚህ ነው።

"እና የምታግዱት ወጪውን ሳይሆን ተመላሹን ነው በለኛ" አለ አባዬ። ከዚህ በላይ አሳጥሬ ልለው አልችልም።

በዚያው ምሽት 40ውን ዋጠ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ትንሣኤ አልፎ ዶሮውም ቅቤውም ተመልሶ፣ ኤል ዲ ኤሉ 66 ሆነ። የጾሙ 137 ነበር፤ የፍስኩ 66 ነው። አባዬን ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያሳመነው ይሄ ነው።

66 የአሜሪካኖቹን መስመር አልፏል፤ የአውሮፓውያኑን 55 ግን አልደረሰም። ከዚህ በላይ የሚያወርዱ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ሐኪሙ በሁለቱ እንቀጥል አለ።

ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚገኘው ጥቅም ምን ያህል ነው? ይህን አባዬም ጠይቆኛል፤ ሳልኩል ነገርኩት። ኢምፕሩቭ ኢት የተባለው ጥናት ልባቸው በቅርቡ የታመመ 18,144 ሰዎችን ይዞ ግማሾቹን በስታቲን ብቻ፣ ግማሾቹን በስታቲንና በኢዜቲማይብ ለዓመታት ተከታተለ። ውጤቱ በ2014 ተነገረ፤ በ2015 ታተመ። በሰባት ዓመት ውስጥ ዳግም የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም የመሰለው ችግር የደረሰባቸው፣ ወይም በዚሁ የሞቱት፣ ከመጀመሪያዎቹ 34.7 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 32.7 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ከመቶ ሰው ሁለት ነው። የጠቅላላ ሞት ቁጥር አልቀነሰም፤ የቀነሰው በተለይ ዳግም የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው። ልቡ ታሞ ለማያውቅና ኤል ዲ ኤሉ ትንሽ ከፍ ላለ ወጣት ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱ በኢዜቲማይብ አይጀምርም።

አባዬ "ከመቶ ሁለት" የሚለውን ሰምቶ ትንሽ ዝም አለ።

"አንድ አውቶቡስ ስንት ሰው ይጭናል?" አለኝ።

"ስልሳ ምናምን?"

"እንግዲህ ከአንድ አውቶቡስ አንድ ሰው ነው።" ብዙ ዓመት ሰው ጭኖ ለነዳ ሰው አንድ ተሳፋሪ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

አሁን የሚከታተለው ጥቂት ነገር ነው። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የጉበት ኢንዛይም ከፍ የሚልባቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ የጉበት ምርመራ አብሮ ይታያል፤ ጉበቱ በመጠኑም ሆነ በጣም የተጎዳ ሰው ኢዜቲማይብን ባይወስድ ይመረጣል። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም የጡንቻ ሕመሙ ከተመለሰ፣ ኪኒኑን በራሱ ከመተው በፊት ይደውልልኛል። ሆዱን አንዳንዴ ያላላዋል፤ እሱን ችሎታል።

ሁለቱን እሽጎች በላስቲክ አንድ ላይ አስሬለታለሁ። በላያቸው ላይ ባለው ወረቀት የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ "በቀን አንድ አንድ፣ ሁለቱም፣ በጾምም በፍስክም።"